ስለ ልጁ ሽንትና ስለ ወፍ መድኃኒቱ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ፤ እኛ እዚህ ኮምቦልቻ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትናንት የልጁ ሽንት ስለቀላ የወፍ በሽታ ይዞታል ብለው ከሰኞ ገበያ በማር የሚላስ የሥር ዱቄት እንደገዙለት ሲነግሩኝ፣ በስልክ ሁሉንም ማስረዳት ስላልቻልኩ ይህን ጽፌያለሁ፤ እህቴ ታንብብልዎ።

ሽንቱን ያቀላው የጤና ጣቢያው መድኃኒት ነው። አጎቱ የሳንባ ነቀርሳ ስለተገኘበት፣ ልጁን በሽታው እንዳይዘው በየማለዳው በውኃ እየተበጠበጠ ለ3 ወር የሚሰጠው ክኒን ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አሉበት። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ ጉዳት የለውም፣ ክኒኑ ሲያልቅም ይጠፋል። ጉበቱ የታመመ ልጅ ሽንት ግን እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፣ የዓይኑም ነጭ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ በአምፖል ሳይሆን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አቁመው፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርገው ይዩት፤ ነጩ ነጭ ከሆነ የሽንቱ መቅላት ብቻውን አያስጨንቅዎ።

ዱቄቱን የምፈራው ለዚህ ነው፦ በክኒኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱም መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ጉበትን ይጎዳሉ። በልጆች ላይ ይህ እምብዛም አይደርስም፤ ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ ነቀርሳ ቢይዘው ግን እስከ አንጎል ሊደርስ ስለሚችል መድኃኒቱ ይሰጣል። ልጁ 12 ኪሎ ስለሚመዝን 3 ፍሬ የታዘዘለት ተሰልቶ ነው፤ ዱቄቱ ግን ለአዋቂም ለሕፃንም በጣት ቆንጠር ተደርጎ የሚሰጥ ነው፤ በውስጡ ስንት ዓይነት ሥር እንዳለ ሻጩም በትክክል ላይነግረን ይችላል። ጉበትን ራሳቸው የሚመርዙ ዕፅዋት አሉ። ክኒኑንና ዱቄቱን አብሮ ወስዶ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን የትኛው እንደጎዳው መለየት ስለሚቸግር፣ ሐኪሙ ሁሉንም ለማስቆም ይገደዳል፤ ምናልባት ክኒኑ ምንም ሳይበድለው ልጁ የነቀርሳ መከላከያውን ያጣል። ጤና አዳም በቡና ላይ የምጠላ አይደለሁም፤ ልጁ ይህን ክኒን እስኪጨርስ ግን የሚጠጣም የሚላስም ዕፅ አይስጡት።

የዓይን ቢጫነት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ከዚያ በፊት የሚወደውን ምግብ እምቢ ማለት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ከወትሮው በላይ መፍዘዝ ወይም በቀኝ ጎድኑ ሥር ሲነኩት ማልቀስ ሊታይ ይችላል። ይህን ካዩ የማግስቱን ክኒን ሳይሰጡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዱቄቱንም ከነወረቀቱ ይያዙና ያሳዩ፤ ባለሙያዎቹ ቢቆጡም አይደብቁ፣ የሚያደርጉለትን የሚወስኑት ይህን አውቀው ነውና።

ከዱቄቱ ቀምሶ ከሆነ ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሆነ ደብዳቤው እንደተነበበልዎ ደውለው ይንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ወደ ደሴ እወጣለሁ።

ልጅዎ