ርካሽ ዋጋ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከውጭ የሚገባው የወለል ሴራሚክ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ይጣልበት የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤያለሁ። ዳምፒንግ የሚባለው ዕቃው ከእኛ ምርት መርከሱ ሳይሆን፣ ላኪው በአገሩ ገበያ ከሚሸጥበት ዋጋ አሳንሶ ወደ ውጭ መላኩ ነው፤ በአገሩ በ100 ብር የሚሸጠውን በ80 ብር ቢልክ ልዩነቱ ከመላኪያ ዋጋው 25 በመቶ ይሆናል።

ቀረጡን ለመጣል ግን ዳምፒንጉ የአገር ውስጥ አምራቾችን መጉዳቱም መታየት አለበት፤ ከባዱ ሥራ ይህን ጉዳት ከላኪው ዝቅተኛ ዋጋ ጋር ማያያዙ ነው። የአገር ውስጥ ፋብሪካ ሽያጩ ቢያሽቆለቁል፣ ነገር ግን በዚያው ዓመት መብራት እየተቋረጠበት ወይም ለመለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ አጥቶ ምድጃው ቆሞ ከነበረ፣ መርማሪው የነዚህን ጉዳት ከዳምፒንጉ ጉዳት ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። አሜሪካ በጃፓን ብረት ላይ በጣለችው ቀረጥ የተነሳውን ክርክር የዓለም ንግድ ድርጅት የይግባኝ አካል በ2001 እ.ኤ.አ. ሲመለከት ይህንኑ አስረግጧል። ዳምፒንጉ ብቸኛው ምክንያት እንዲሆን አይጠበቅም፤ የሌሎቹ ጥፋት ግን በእርሱ ላይ አይላከክም። ላኪው ከመንግሥቱ ድጎማ አግኝቷል ተብሎ ለሚጣል ቀረጥም ደንቡ ያው ነው።

ስለዚህ መርማሪው ምድጃው በሚሠራባቸው ወራት ፋብሪካው ዋጋ ለመቀነስ ተገዶ እንደሆነ፣ ደንበኞቹም ወደ አስመጪው የሄዱት በዋጋው ተስበው ይሁን ዕቃ አጥተው ይመረምራል። ይህ ደግሞ በየወሩ የተያዘ የምርት፣ የሽያጭና የመብራት መቋረጥ መዝገብ ይጠይቃል፤ አቤቱታ አቅራቢዎቻችን በአብዛኛው ይዘው የሚመጡት ግን፣ በእኔ ግምት፣ የአስመጪውን ደረሰኝ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የንግድ ሕግ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ