ለጋራ ግቢያችን ንጣፍ፦ የድንጋይና የአሸዋ ሂሳብ

ሰላም የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች፣

በጠርዝ ድንጋዩ ውስጥ የሚነጠፈው ቦታ 12 በ8 ሜትር፣ ማለትም 96 ካሬ ነው። የመረጥነው ዚግዛግ ኢንተርሎክ በካሬ 39 ገደማ ይፈጃል፤ 3,744 ድንጋይ መሆኑ ነው። ለቆረጣና ለስብራት 7 በመቶ ገደማ ጨምረን 4,000 እንዘዝ።

ጠርዝ ላይ ከድንጋዩ ሲሶ ያነሰ ቁራጭ አይግባ። መኪና ሲረግጠው ይነቀላል። አጠገቡ ያለውንም ድንጋይ ቆርጦ ሁለት መካከለኛ ቁራጭ ማድረግ ይሻላል። ትርፍ ድንጋዩን የሚበላው በዋናነት ይሄ ነው።

አሸዋው ሳይጠቀጠቅ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ይኑረው። 96 በ0.04 ሲባዛ 3.84፣ በቃ 4 ሜትር ኩብ እንበል። የመገጣጠሚያው ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ለብቻው ነው። አደራ፣ የጎደጎደውን ቦታ ሠራተኞቹ በአሸዋ እንዳይሞሉት! ከሥር ያለው የሰሌክት ሙሌት ካልተስተካከለ በክረምት እዚያው ይሰምጣል።