በአንድ ደቂቃ አብረው ስለሚጠፉ ኮምፒውተሮች፦ ለአካባቢያችን የመብራት አገልግሎት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአካባቢያችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት መስጫ ማዕከል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ኮምፒውተሮች መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ በተደጋጋሚ ሪስታርት ስለማድረጋቸው

ክቡር ኃላፊ፣

ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የመንገዱ ነጋዴዎች ወደ ቢሮዎ ለአቤቱታ ሲመጡ የሚሰጣቸው መልስ «ችግሩ የኮምፒውተራችሁ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን አስቀይሩ» የሚል ነው። መልሱ በከፊል እውነት አለው። ወደ እኔ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች ውስጥ ፓወር ሰፕላያቸው ያረጀ አሉ፤ እነሱ የእኔ ሥራ ናቸው። ይህን የምጽፈው ስለ ቀሩት ነው። ባለሙያዎችዎ ራሳቸው አጣርተው እንዲያዩትም ሁለቱን የለየሁበትን መንገድ ላስረዳ።

በመጀመሪያ የእኛን ጥፋት ላንሳ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ያመጡት ኮምፒውተር መብራት ምንም ሳይል ድንገት ይጠፋና ራሱን መልሶ ያስነሳ ነበር። ከደህና ዩፒኤስ ጋር አገናኝቼ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቀልኩት። በባትሪ ብቻ እየሠራም ከባድ ሥራ ሲጫንበት ጠፋ። እዚህ ላይ መብራትን መውቀስ አይቻልም። 12 ቮልት መስጠት ያለበት መስመር ሲለካ ሥራ ሲበዛበት ወደ 11.2 ይወርዳል፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ደግሞ 11.4 ነው። ሲከፈት የካፓሲተሮቹ አናት አብጦ ተገኘ። ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ፣ ነገሩ አለቀ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ በተነገራቸው መሠረት አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝተው አስገቡ፤ ሪስታርቱ አልቆመም። ያንኑ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሰፈር ወስጄ ሳሠራው ደህና ነው። ወደ ሱቁ ሲመለስ ማታ ማታ፣ ይልቁንም መብራት ሄዶ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ይጠፋል።

ዊንዶውስ ይህን መዝግቦ ያስቀምጣል። `Event Viewer` ውስጥ `Kernel-Power` በሚል ስም ቁጥር 41 የሆነ መዝገብ አለ፤ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደተነሣ ይናገራል። ዝርዝሩ ውስጥ `BugcheckCode` 0 ከሆነ ዊንዶውስ የስህተት መዝገብ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ የሚታየው ይኸው ነው። ይህ ብቻውን ግን ያረጀ ፓወር ሰፕላይን ከመጥፎ መብራት አይለይም፤ ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ መዝገብ ይጻፋል።

የሚለየው ሰዓቱ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱና ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ኮምፒውተሮች መዝገቡን ወስጄ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አስቀድሜ የሦስቱንም ሰዓት ማስተካከል ነበረብኝ፤ የማዘርቦርድ ባትሪው የደከመ ኮምፒውተር ሰዓቱ ስለሚዛነፍ ያሳስታል። ከዚያ በኋላ ሦስቱም፣ በሦስት የተለያዩ ቆጣሪዎች ላይ ያሉት፣ ምሽት 1:20 አካባቢ በደቂቃ ልዩነት ውስጥ ተነሥተው ተገኙ። በሌሎች ምሽቶችም እንዲሁ ገጠሙ። ሦስት ፓወር ሰፕላይ ተማክሮ በአንድ ደቂቃ አይበላሽም።

በዚያው ሰዓት በሱቁ ሶኬት ላይ የለካሁት ቮልቴጅ 168 ነበር። ከ220 ላይ 10 በመቶ ቢቀነስ እንኳ 198 ነው። ከኋላቸው ቀይ መምረጫ ያለባቸው አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች 230 ላይ ሲሆኑ ቢያንስ 180 ቮልት ይፈልጋሉ። (በዚህ ምክንያት መምረጫውን ወደ 115 ያዞሩ ሰዎች አሉ። ቮልቴጁ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ይፈነዳል፤ እባካችሁ አታድርጉት።) ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉት አዳዲሶቹ 168ን ይችሉታል። እነሱን የሚጥላቸው ለዓይን የማይታየው አጭር መቆራረጥ ነው። ደህና ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ ካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ኃይል ኮምፒውተሩን ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይይዛል። የመብራታችን አንዱ ሞገድ ራሱ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንድ ሞገድ ከጎደለ ብዙው ኮምፒውተር ይወድቃል፤ አምፖሉ ግን ብልጭ ማለቱን ልብ የሚል የለም። ቮልቴጁ አስቀድሞ ከወረደ፣ ወይም ካፓሲተሩ ካረጀ፣ መያዣው ጊዜ ከዚያም ያጥራል። «ኮምፒውተሩ ነው ወይስ መብራቱ» የሚለው ክርክር አንዳንዴ መልስ የሚያጣው ለዚህ ነው፤ ያረጀው ፓወር ሰፕላይ ደህና መብራት ላይ ገና ዓመት ሊያገለግል ይችል ነበር።

መብራት እንደመጣ ለምን ይብሳል ቢሉ፣ ማብሪያቸው ሳይዘጋ የቆዩት ፍሪጆችና ምጣዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጭናሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። ለደንበኞቼ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆዩ እላለሁ። `Restore on AC Power Loss` የሚለውን የባዮስ ምርጫም እንዲጠፋ አድርጌያለሁ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ መብራት በመጣ ቁጥር ሰው ሳይነካው ይነሣና ያ ሁሉ ውጣ ውረድ ላዩ ላይ ያልፋል።

ነጋዴዎቹ መከላከያም ገዝተዋል። ስታቢላይዘር የወረደ ቮልቴጅን ያነሣል፣ መቆራረጥን ግን አይሞላም። ሰርጅ ፕሮቴክተር ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ምንም አይሠራም። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ሁለቱንም ይሸፍናል፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ነገር ግን ቮልቴጁ ከመጠን ሲወርድ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ምሽቱን ሙሉ ሲመላለስ ባትሪው ለመሙላት ፋታ አያገኝም። መብራት በእውነት ሲሄድ በደቂቃ ውስጥ ይጮህና ይዘጋል። እኛ የምንገዛው መከላከያ የሚሠራው መስመሩ ከሞላ ጎደል ደህና ሲሆን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ 168 ስለካ በዚያው ሰዓት ማዶ ያለው ፀጉር ቤት 251 ቮልት ነበር። ይህን የጭነት ብዛት ብቻ አያመጣውም። ከትራንስፎርመሩ ከሚወጡት ሦስት የኃይል መስመሮች፣ ከፌዞቹ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከፍ ካለ፣ ለሁሉም የጋራ መመለሻ የሆነው የኒውትራል ሽቦ ማያያዣ ላልቶ ወይም ዝጎ እንደሆነ መጠርጠር አለበት። ኒውትራሉ ጨርሶ ከተለቀቀ ደግሞ ጉዳዩ ከሪስታርት ያልፋል፤ አንዳንዱ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ሊያገኝ ይችላል፣ ያን የሚችል የቤት ዕቃ የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው በቅደም ተከተል ይህን ነው። መጀመሪያ በትራንስፎርመሩና በሱቆቹ መግቢያ ያለው የኒውትራል ማያያዣ ሁሉ ይፈተሽ፤ ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። ቀጥሎ በትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ በሦስቱም ፌዝ የቮልቴጅ መዝጋቢ መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ይተከል። የእጅ መለኪያ አማካዩን ስለሚያሳይ የአንድ ሞገድ ጉድለትን አይዝም፤ ባለሙያ ረፋድ ላይ መጥቶ «220 ነው፣ ደህና ነው» ብሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ከዚያም ጭነቱ በፌዞቹ መካከል እንደገና ይደልደል። የትራንስፎርመሩን ታፕ፣ ማለትም የሚያወጣውን ቮልቴጅ የሚወስነውን መምረጫ፣ ከፍ ማድረግ መጨረሻ ይምጣ፤ ድልድሉ ሳይስተካከል ታፑ ቢነሣ ቀድሞም የበዛበት ቤት ይብስበታል።

የኮምፒውተሮቹን መዝገብ ከነሰዓቱ አትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የኮምፒውተሩ 7:20 የእኛ ምሽት 1:20 መሆኑን ባለሙያዎችዎ ልብ ይበሉ። መዝጋቢው በሚተከልበት ሳምንት የእኛንም ሰዓት ከእናንተ መሣሪያ ጋር ለማናበብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የአካባቢው የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለመንገዱ ነጋዴዎች