የማራዘሚያ ማመልከቻው የማይጠይቀው ጥያቄ

ለአዘጋጁ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዲፓርትመንታችን የድህረ ምረቃ ኮሚቴ ለጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ። ግንቦት ሲገባ የሚጎርፍልን ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ማስተርስ ጀምረው ቴሲሳቸውን ያልጨረሱ ተማሪዎች «ጊዜ ይጨመርልኝ» ይላሉ። (እኛ አገር «ኤክስቴንሽን» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የማታ ትምህርት ስለሆነ፣ ማራዘሚያ ብል ይሻላል።)

ጣሪያውን የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእኛ ቤት የሁለት ዓመት ማስተርስ ቢበዛ በአራት ዓመት ማለቅ አለበት። ከዚያ በላይ የሚፈቀደው በማመልከቻ ነው። መንገዱ ለወሬ ቀላል ነው። ተማሪው ይጽፋል፣ አማካሪው አስተያየት ሰጥቶ ይፈርማል፣ የዲፓርትመንቱ ኮሚቴ ያያል፣ ወደ ኮሌጅ ይሄዳል፣ ከጸደቀ ሬጅስትራር ይመዘግባል። ጊዜው ካለቀ በኋላ የመጣ ሰው ግን ማራዘሚያ ሳይሆን ዳግም ቅበላ ነው የሚጠይቀው። እሱ ሌላ፣ የከበደ በር ነው።

ባለፈው የማይረሳኝ አንድ ተማሪ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የገባ፣ ቤተሰቡ ደሴ ያለ አስተማሪ ነው። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቱን ለማውጣት ሄደና አንድ ሴሚስተር አለፈው። ዊዝድሮዋል አልሞላም። ማን በዚያ ሰዓት ፎርም ያስባል? ፎርሙን ሞልቶ ቢሆን ያ ሴሚስተር ባልተቆጠረበት ነበር። ባለመሙላቱ ግን በሬጅስትራር መዝገብ ቁጭ ብሎ እንደተማረ ተቆጠረ።

መጀመሪያ ያስገባው ማመልከቻ ሦስት መስመር ነበር። «በደረሰብኝ ከባድ ችግር ምክንያት» ይላል፣ ከዚያ ልመና ነው። ውድቅ አደረግነው። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ኮሚቴው ልቡ ደንድኖ አይደለም። ማወቅ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ወር እንደጠፋና ለመጨረስ ስንት ወር እንደቀረ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም የሉም።

ሁለተኛው ማመልከቻ ግን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ነበር። ከቀበሌ የተጻፈ ማረጋገጫ አያይዟል። መረጃ ሰብስቦ መጨረሱን፣ ሦስት ምዕራፍ መጽደቁን፣ አራተኛው ረቂቅ መሆኑን ገልጿል። በየወሩ ምን እንደሚሠራም እስከ ዲፌንሱ ድረስ አስቀምጧል። የጠየቀው አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ዓመት የሚጠይቅ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ምንም አልጀመረም ብለን ነው የምንጠረጥረው።

አንድ ያልጠበቅነው ወረቀትም ከኋላ ነበር። ለአማካሪው የላከው ኢሜይል ቅጂ ነው። ረቂቁን የላከው ኅዳር 2016 ነው። አስተያየት የተመለሰለት መጋቢት ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ረቂቁ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር።

ስብሰባው ዝም አለ። አማካሪው ከእኛው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧልና። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከአሥር በላይ ተማሪ ያማክር ነበር። ቢሆንም በፎርሙ ላይ «የመዘግየቱ ምክንያት» የሚለውን ሞልቶ የፈረመው እሱ ነው። የጻፈውም «የተማሪው የግል ችግር» ብሎ ነው።

ሴሚስተሩ ተፈቀደለት። ተማሪው በጥር 2017 ዲፌንስ አደረገ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኢሜይል ያላስቀመጡት ናቸው። ብዙዎቹ ረቂቃቸውን አትመው በእጅ ይሰጣሉ ወይም ቢሮ በር ስር ይከታሉ። መቼ ሰጡ፣ መቼ ተመለሰላቸው፣ ማስረጃ የለም። አማካሪን መክሰስ ደግሞ ነገ ቴሲስህን የሚፈርመውን ሰው ማስቀየም ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ አድርገው ይለምናሉ።

ለዚህ ሁለት ነገር ቢደረግ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ፎርሙ ላይ ረቂቅ የተሰጠበትና የተመለሰበት ቀን መጻፊያ ይኑር፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። አማካሪው ጋር ከአንድ ወር በላይ የቆየው ጊዜ በተማሪው ላይ አይቆጠር። ሁለተኛ፣ ሬጅስትራሩ አንድ ሴሚስተር ሲቀር ለተማሪው በስልክ መልእክት ይንገር። አሁን አብዛኛው ተማሪ ጊዜው ማለቁን የሚሰማው ሊመዘገብ ሄዶ ስሙ ሲጠፋበት ነው።

እስከዚያው ድረስ ይህን የሚያነብ የማስተርስ ተማሪ ካለ፣ ረቂቅህን በእጅ ብትሰጥም እንኳ ማታውኑ በኢሜይል ላከው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር