የክበባት ዘገባ፦ ፀረ ኤድስ ክበብ እና "ጋሽ ሽንብራ"

ዘንድሮ ክበባችን 31 አባላት ነበሩት። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ክፍል እንሰበሰባለን። መብራት ሲጠፋ ግን ግቢው ዳር ባለው ባህር ዛፍ ሥር ነን፤ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚኖር ሰው ይሄ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም ያውቀዋል። ኅዳር 22 በሚኒ ሚዲያ ድራማ አቀረብን፣ ሪባን በተንን። በየዓመቱ የሚደረግ ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ዓመቱን የፈጀብን ከጥያቄ ሳጥኑ የወጣች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት። "ሰውዬው በኤድስ ሞተ ይላሉ፤ ግን የገደለው ቲቢ ነው። ታዲያ ኤችአይቪ ምን አደረገ?" ትላለች። ስም የለባትም። ጽሑፉ ግን የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ይመስለኛል።

መልሱን ለማሳየት አንድ ኪሎ ሽንብራ ገዛን። ሰማንያ ፍሬ ቆጥረን ብርጭቆ ውስጥ ጨመርን። እያንዳንዷ ፍሬ አሥር ረዳት ቲ ሴል ናት፣ በሐኪም ቤት አጠራር ሲዲ ፎር። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 800 ማለት ነው፤ ማይክሮ ሊትር የአንድ ጠብታ ሃምሳኛ እጅ ቢሆን ነው። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1500 ይኖረዋል። የብርጭቆውን ባለቤት ልጆቹ "ጋሽ ሽንብራ" አሉት። ምናባዊ ሰው ነው፣ መድኃኒት ሳይጀምር ዓመታት ያለፉበት።

መጀመሪያ ያከራከረን የሴሎቹ አሟሟት ነበር። ለዓመታት ክፍል ውስጥ ሳስተምር የኖርኩት እንዲህ ነው፦ ቫይረሱ ሴሉ ላይ ካለው ሲዲ ፎር ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ይገባል፣ የራሱን አር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጦ ከሴሉ ዘረመል ጋር ይሰፋዋል፣ ሴሉ የቫይረስ ፋብሪካ ይሆንና ተሟጦ ይሞታል። ስህተት አይደለም። እንደዚህ ፋብሪካ የሆነ ሴል አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው፤ ወይ ቫይረሱ ይጨርሰዋል፣ ወይ ገዳይ ቲ ሴሎች አግኝተው ይደፉታል።

ግን ሒሳቡን አንዲት ልጅ አፈረሰችብኝ። "ቲቸር፣ ደም ውስጥ ካሉት ረዳት ሴሎች በአንድ ጊዜ ቫይረስ የሚያመርቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ካሉ፣ ሌሎቹን ማን ጨረሳቸው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። "የሚቀጥለው ረቡዕ" ብዬ አመለጥኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር ጋበዝን፣ እኔም ሳምንቱን ሳነብ ከረምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ረዳት ሴሎች ሥራ የፈቱ፣ ያረፉ ናቸው። ቫይረሱ እነሱም ውስጥ ይገባል፣ ዲ ኤን ኤውን መገልበጥ ይጀምርና መሃል ላይ ይቀራል። ሴሉ ያንን ቁርጥራጭ ያሸታል። ጠላት ገብቷል ብሎ ራሱን ያፈነዳል፤ ሲፈነዳም የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ደግሞ ሌሎች ረዳት ሴሎችን ወደ ቦታው ይጠራል። የመጡት እነሱም ይያዛሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው በሽታውን ይዞ እንደሚመለስ አስቡት። በ2014 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሳን ፍራንሲስኮ ከቶንሲልና ከጣፊያ በተወሰደ ሥጋ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከሚሞቱት ረዳት ሴሎች ውስጥ ከመቶ 95 በላይ የሆኑት የሚሞቱት በዚህ መንገድ መሆኑን አይተዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ በሰው ሰውነት ውስጥ ሌላም መንገድ አለ። ልጅቷ ግን መልሷን አገኘች፣ እኔም የድሮ ማስታወሻዬን ሰረዝኩ።

ከዚያ ወደ ብርጭቆው ተመለስን። ረዳት ሴል ራሱ አይገድልም። ሥራው ማዘዝ ነው። ልጆቹ "ዩኒት ሊደር" አሉት፤ እሱ ሲቀር መምህሩም ዘበኛውም በቦታቸው አሉ፣ ግን ማን ምን እንደሚሠራ የሚነግራቸው የለም። የቲቢን ነገር እንውሰድ። ብዙ ሰው ባክቴሪያውን በሳንባው ይዞ ሳይታመም ይኖራል። ባክቴሪያውን የዋጡት ትልልቅ ሴሎች ብቻቸውን ሊገድሉት አይችሉም። ረዳት ሴሉ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክት ሲልክላቸው ነው የሚበረቱት። በዙሪያው ይሰበሰቡና ያጥሩታል። አጥሩ ቆሞ የሚኖረው መልእክቱ እስከቀጠለ ነው።

ስለዚህ የወረቀቷ መልስ ይሄ ነው፦ ብዙዎቹ ተጓዳኝ በሽታዎች ያን ቀን ከውጭ የመጡ አይደሉም። ቤት ውስጥ ታስረው የነበሩ ናቸው። ኤችአይቪ ዘበኞቹን አሰናበተ።

ጋሽ ሽንብራን እንከተለው። በተያዘ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት አመመው፣ ጉንፋን ነው ብሎ ተወው። ያን ጊዜ ግን አንጀቱ ዙሪያ ያሉት ረዳት ሴሎች በገፍ እያለቁ ነበር። የደሙ ቁጥር ወርዶ 600 ላይ ተመልሶ ረጋ። ከዚያ በየዓመቱ አምስት ስድስት ፍሬ እያነሳን ጣልን። በአራተኛው ዓመት፣ ወደ 380 ሲጠጋ፣ ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣበት። በልጅነቱ ያመመው የጉድፍ ቫይረስ ነው፣ ነርቭ ሥር ተኝቶ የኖረ። በስድስተኛው ዓመት 270 ላይ ቲቢው ነቃ። (ቲቢ ቁጥር አይጠብቅም፣ ከዚህ በላይም ይመጣል።) በስምንተኛው ዓመት 160፦ አፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን፣ ቀጥሎ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፤ ጤነኛ ሳንባ ሳይታወቀው የሚያጠፋው የፈንገስ ዓይነት ነው። 80 ላይ ስንደርስ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን እጅ መስነፍ። ቶክሶፕላዝማ፤ ምናልባት ከዓመታት በፊት ከበላው ጥሬ ሥጋ ጋር ገብቶ አንጎሉ ውስጥ ተጠቅልሎ የቆየ። እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቅዳሜ ክትፎ የበላን ብዙ ነን መሰለኝ። ጤነኛ ሰው ውስጥ ግን ተኝቶ ይቀራል።

ሲስተር የጨመረችው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቁጥሩ በጣም ሲወርድ ቲቢ ለማግኘት ይከብዳል አለች። ሳንባ ላይ የሚታየውን ቀዳዳ የሚያበጀው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ ራሱ የመከላከያው ጦርነት ነው። ጦሩ ከሌለ ቀዳዳም የለም። አክታው ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ያንሳል፣ ራጁም ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሰውየው ግን እየከሳ፣ ሌሊት እያላበው ነው። እንደዚህ ያለ ሰው "አክታህ ነፃ ነው" ተብሎ ቢሸኝ ያሳስታል። ተቃራኒውም አለ፦ መድኃኒት ጀምሮ ሴሎቹ ሲመለሱ ተኝቶ የነበረው ቲቢ በድንገት ሊጋጋል ይችላል። ዘበኛው ተመልሶ መጣላት ስለጀመረ ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ የሚያቆመው ያኔ ነው፣ ማቆም ግን የለበትም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ፣ ሰኔ ላይ፣ ጋሽ ሽንብራን መድኃኒት አስጀመርነው። በየሳምንቱ የጣልነውን ፍሬ ወደ ብርጭቆው ልንመልስ ቆጠርን። አርባ ሰባት ላይ ቆመ። የቀረውን ክበቡ ቆልቶ በልቶታል። ብዙም አልተቆጣሁም፤ ከ200 በታች ወርዶ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ድሮው ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስምና፣ ብርጭቆው እንደዚያው ጎድሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የክበቡ ጸሐፊ "ቲቸር፣ እኔ ሦስት ብቻ ነው የበላሁት" ብሏል።