ደብዳቤ ለልጄ፦ የምሳውን ገንዘብ አትንኪ

ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ተዪው፣ የምጽፍልሽ ስለ እሱ አይደለም።

ታናሽ እህትሽ ቅዳሜ መጥታ ነበር። ብዙ ስናወራ ቆየን፤ ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆም ብላ «አባዬ፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትል እንጂ…» አለች። እንዲህ ብላ ከጀመረች ስለ አንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ለልጁ መመዝገቢያ ተበድረሻል አለችኝ። መበደሩስ ይሁን፣ ልጅ እያስተማረ ያልተበደረ ማን አለ። እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ነው። ልጅሽ በቀደም ከትምህርት ቤት ወደ እሷ ቤት ሲመጣ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተስገብግቦ በላ አሉ። «ትምህርት ቤት ምሳ አልበላህም እንዴ?» ስትለው «አልራበኝም ነበር» አላት።

አልራበኝም! ይህችን ቃል እኔም አውቃታለሁ፣ አንቺም ታውቂያታለሽ።

ስለዚህ ሌላውን ባታነቢው እንኳ ዋናውን አስቀድሜ ልጻፈው። የምሳውን ገንዘብ አትንኪ።

እህትሽ የትምህርት ቤቱን የዓመት መርሐ ግብር በስልኳ አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ የትምህርት ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ 182 ናቸው። አንቺ «አሥር ወር» ብለሽ ነው የምታስቢው፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው። ልጅ ግን የሚበላው በወር ሳይሆን በቀን ነው። አንዱ ወር 22 የትምህርት ቀን ይኖረዋል፣ ሌላው እረፍት ገብቶበት 11 ብቻ። በየወሩ የ20 ቀን ምሳ እየመደብሽ ከሆነ፣ የ22ቱ ወር ሲያልቅ ሁለት ቀን ባዶ ኪሱን ይሄዳል። የ11ዱ ወር ሲመጣ ደግሞ የተረፈው የዘጠኝ ቀን ምሳ ሳይታወቅሽ ለሌላ ነገር ይወጣል። በድምሩ ከሚበቃው በላይ መድበሽለታል፤ ልጁ ግን ተርቦ የዋለባቸው ቀኖች አሉ።

ሒሳቡን ልሥራልሽ። በገንዘብ አልጽፈውም፣ ዋጋ ሲለዋወጥ ደብዳቤዬ ዋጋ ያጣል። መለኪያዬ አንድ ምሳ ነው። ልጅሽ ለአንድ ቀን ምሳ የሚያስፈልገውን 1 ብለሽ ሌላውን ሁሉ በእሱ ለኪው። እህትሽ በነገረችኝ ዋጋ ስሠራው የዓመቱ ምሳ 182 መጣ። የትራንስፖርቱ ደርሶ መልስ የምሳው ግማሽ ነውና 91 ይሆናል። የትምህርት ክፍያው በአራት ዙር በየጊዜው 60 ሲከፈል 240፣ መመዝገቢያው 20፣ ዩኒፎርሙ ከነጫማውና ከነስፖርት ልብሱ 40፣ መጻሕፍትና ደብተር 35። እስከዚህ 608 ነው። ጫማ ዓመቱ ሳይጋመስ ይጠባል፣ ደብተር ያልቃል፣ «ለነገ ይዘህ ና» የሚል ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ይገኛል፤ ለዚህ ሁሉ 40 ያዢ። 648 ሆነ። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 54።

አየሽ፣ ምሳና ትራንስፖርት ብቻቸውን 273 ናቸው፣ ከትምህርት ክፍያው ይበልጣሉ። ሰው «ትምህርት ቤቱ ገደለኝ» ሲል የሚታየው ክፍያው ነው፣ በአንድ ጊዜ ከእጅ ስለሚወጣ። ምሳው ጠብ ጠብ እያለ ስለሚሄድ ማንም አይቆጥረውም። ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ እጃችን የሚገባውም እዚያው ነው።

ለ12 አካፍዪ ያልኩሽ ለ10 እንዳታደርጊው ነው። ረጅሙ እረፍት ላይ ልጁ ቤት ሲውል ወጪው ያረፈ ይመስላል፣ ደሞዙም ቀለል ይልሻል። በዚያ ነው የምትጠመጂው። የመክፈቻውን ወር ተመልከቺው፦ መመዝገቢያ 20፣ የመጀመሪያው ዙር ክፍያ 60፣ ዩኒፎርም 40፣ መጻሕፍት 35፣ በዚያ ላይ የ20 ቀን ምሳና ትራንስፖርት 30። በአንድ ወር 185! ሁለቱን የእረፍት ወሮች በየወሩ 54 ብታስቀምጪ፣ የመክፈቻውን ወር 54 ብትጨምሪበት 162 ይሆናል። 23 ይጎድላል። አንቺን ለብድር የዳረገሽ ይሄው ጉድለት ነው፤ እንዲያውም እረፍቱ ላይ ምንም ካላስቀመጥሽ ከዚህም ይብሳል። 23 ደግሞ የ23 ቀን ምሳ ነው። ብድሩን ከልጁ አፍ እየቀነስሽ ብትከፍዪው ከአንድ ወር የትምህርት ቀን በላይ ምሳ የለውም ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ አስቢው እስቲ።

ለከርሞ ማስቀመጡን ከእረፍቱ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ፤ ያኔ 216 ይኖርሻል፣ 185ቱን ከፍለሽ ይተርፍሻል። እሱም ካልሆነ የሚዘገየውን አዘግዪ። ዩኒፎርሙን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ግዢ ያለሽ የለም። የሚቆሽሸው ሸሚዝ ነው፤ ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ ለመጀመሪያው ዙር ይበቃዋል። ሁለተኛው ሱሪና ሹራቡ ወደ በኋላ ቢገፉ 13 ይቀንሳሉ። ከመጻሕፍቱም ለሁለተኛው አጋማሽ የሚፈለጉትን መምህሩን ጠይቂና ለይተሽ አቆዪ፣ እነሱም 10 ይሆናሉ። ልክ 23 መጣልሽ። ብድርም የለ፣ የተነካ ምሳም የለ።

አሁን የማልወደውን ነገር ልጻፍ። እናትሽ በሕይወት እያለች አንሥተነው አናውቅም።

አራተኛ ክፍል ሳለሽ ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። አንዲት ጆንያ ብትጎድል በቀይ ቀለም ጽፌ አለቃዬ ፊት የማቀርብ ሰው! በዚያ ዓመት የሦስተኛው ዙር ክፍያ ደረሰና አልሞላልኝ አለ። ቁም ሣጥኑ ላይ የምሳሽ ገንዘብ የሚቀመጥባት ጣሳ ነበረች፣ ትዝ ትልሻለች። አውርጄ ጠቅላላውን ወሰድኩ። አንቺን ጠርቼ «ለሁለት ሳምንት ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ትበያለሽ» አልኩሽ። «እሺ አባዬ» አልሽ። ሌላ ምንም አላልሽም። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ሆነ። ልጅቷ ዝም ስላለች እኔም ረሳሁት። አልረሳሁትም፤ ውሸት ነው። ዝምታሽ ተመቸኝ።

አንድ ቀን መምህርሽ አስጠራችኝ። አልተቆጣችም። ደብተርሽን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ወጣች። በግራ ያለው ገጽ የጠዋቱ ነበር፤ ፊደሎችሽ መስመሩ ላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። በቀኝ ያለው የከሰዓቱ ነው። ጽሕፈቱ መስመሩን እየለቀቀ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ እርሳሱ እንዲሁ ተጎትቶ ገጹ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። እንቅልፍ ወስዶሽ ነው። ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ነው። ክፍያውን ከፍዬ ያስገባሁሽ ትምህርት በከሰዓት ከእጅሽ ሲያመልጥ ነበር። መዝገቤ ላይ ግን ያ ጉድለት በቀይ አልተጻፈም።

ያ ደብተር እስካሁን እኔ ጋ አለ። ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም። አሁንም እንዴት እንደሚባል አላወቅሁበትም፣ ሒሳቡን የምሠራልሽ ለዚህ ነው መሰለኝ።

ስሚኝ። ትምህርት ቤቱ አፍ አለው፤ ቀን ቢያልፍብሽ ወረቀት ይልካል፣ ይደውላል። ብድር የሰጠሽም አፍ አለው። የልጁ ሆድ ግን «አልራበኝም» ነው የሚለው። ስለዚህ ሲጎድልሽ አፍ ካለው ጋር ተነጋገሪ። የሚቀጥለው ዙር ክፍያ እንደማይሞላ ካወቅሽ፣ ቀኑ ሳያልፍ ከአሥር ቀን በፊት ሂጂ። «እየሞከርኩ ነው» አትበዪ፤ «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በዚህ ቀን» ብለሽ ጽፈሽ ስጪ፣ የተቀበሉበትን ቅጂም ያዢ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ወላጅና ቀድሞ የሚመጣ ወላጅ አንድ ዓይነት ፊት አይጠብቃቸውም። ብድር የሰጠሽንም እንዲሁ፣ የመክፈያውን ጊዜ አስረዝሚ። የምሳውን ገንዘብ ግን አትንኪ።

ከቤት ልቋጥርለት ብለሽ ከሆነ ጥሩ አስበሻል፣ ግን ነፃ አይደለም። የምትቋጥሪው ከቤቱ አስቤዛ ነው የሚወጣው። ከምሳው ድርሻ ላይ የሚገባውን ቀንሰሽ ወደ አስቤዛው ካላዞርሽው፣ ወሩ ሳያልቅ የቤቱ ቀለብ ያልቅና «የት ሄደ?» እያልሽ ከባልሽ ጋር ትጨቃጨቂያለሽ። ትራንስፖርቱንም በወር ኮንትራት ከያዝሽው፣ 11 ቀን ብቻ በሚማርበት ወርም ሙሉውን ያስከፍሉ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

አምስት ፖስታ ግዢ። እሁድ ማታ የሳምንቱን ምሳ በየቀኑ ከፋፍለሽ ክተቺና የቀኑን ስም ጻፊበት። ዓርብ የሚል ፖስታ ረቡዕ ከተከፈተ ያኔውኑ ታውቂዋለሽ። ሲመለስም «በላህ ወይ?» አትበዪው፣ «አዎ» ይልሻል። «ከማን ጋር በላህ? ምን ነበር?» በዪው። የከሰዓት ደብተሩንም ገልጠሽ እዪ። አደራ፣ የከሰዓቱን።

አትቆጪው ደግሞ። ደብቆሽ አይደለም፣ አዝኖልሽ ነው። እናቱ ተጨንቃለች ብሎ ነው። አንተ ማንን መሰልክ በዪልኝ።

ሁለተኛውን ሱሪ እኔ አሰፋዋለሁ፣ ከ13ቱ ላይ አውጪው። ወገቡንና ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያለውን ለክተሽ ለእህትሽ ንገሪያት። ከታች ሦስት ጣት እጥፍ እንዲተውለት ለሰፊው እነግረዋለሁ፤ ሲረዝም ትፈቺለታለሽ። ጫማውን ስትገዢ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ውሰጂው፣ እግር ጠዋት ያነሰ ነው። ካልሲ አድርጎ ይለካ፣ ከአውራ ጣቱ ፊት አንድ ጣት ክፍት ይኑረው።

ለእህትሽ ምንም እንዳትያት፣ ነገረችኝ አላልኩሽም።

አባትሽ