ሐሙስ ለቃለ መጠይቁ ከመግባትሽ በፊት አንብቢው

እናትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበትም ተሽሎታል።

ወንድምሽ ስለ ባለፈው ቃለ መጠይቅሽ ነገረኝ። "ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ያልተስማማሽበትን ጊዜ ንገሪን" ቢሉሽ፣ "እኔ ከሁሉም ጋር ተግባቢ ነኝ" ብለሽ ዝም አልሽ አሉ። ተግባቢ መሆንሽን እኔም አውቃለሁ። የጠየቁሽ ግን ጠባይሽን ሳይሆን አንድ ቀን የሆነውን ነው። "ብዙ ጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ" ወይም "ቢያጋጥመኝ እንዲህ አደርግ ነበር" ብትይም ያው ነው፤ ጠያቂው ወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው ነገር ያጣል።

ታሪክ አጥተሽ ነው እንዳልል፣ አምና ቡና ላይ ያጫወትሽን የመድኃኒቱ ነገር አለ። እሱን በሦስት ክፈይው፤ ሁኔታው፣ ያደረግሽው፣ ውጤቱ።

ሁኔታውን አሳጥሪው። "በጤና ጣቢያችን መጋዘን ቆጠራ ላይ 60 ካርቶን ኦአርኤስ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር ብቻ እንደቀረው አየሁ። ኃላፊው ከፊት ያለው አዲሱ ይውጣ አለ፣ እኔ አልተስማማሁም።" በቃ። አንቺ ስታወሪ ከጤና ጣቢያው አመሠራረት ትነሺያለሽ፤ ዋናው ላይ ሳትደርሺ ሰዓቱ ያልቃል። መልስሽ በጠቅላላው ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ አብዛኛውን ደቂቃ ላደረግሽው ስጪው።

ያደረግሽውን በተራ ንገሪያቸው። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ አውጥተሽ የወር ወጪውን አሰላሽ፤ በወር 8 ካርቶን ነው የሚወጣው፣ በሦስት ወር 24 ብቻ ያልቃል፣ 36ቱ ይበላሻል። ያን ቁጥር ይዘሽ ኃላፊውን ብቻውን አናገርሽው። ሲያምን ጊዜ፣ ቀድሞ የሚያልፍበት ከፊት እንዲሆን መደርደሪያውን ገለበጥሽው። ከዚያ አጎራባች ጤና ጣቢያዎች ደውለሽ እጥረት ያለባቸው ሁለት አገኘሽ፤ ደብዳቤውን አዘጋጅተሽ አስፈረምሽ፣ ዕቃው በሞዴል 22 ወጣ።

ውጤቱንም አትርሺ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። 30 ካርቶን ለሁለቱ ሄደ፣ 24 እዚያው አለቀ፣ 6 ተበላሸ። ስድስቱንም ንገሪያቸው፤ እንዳትደብቂ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ "አደረግን" አትበይ። ያን ቀን ቡና ላይ "ቆጠርን፣ ደወልን፣ ላክን" እያልሽ ነበር። ማነው የደወለው ስልሽ "እኔ ነኛ!" አልሽ። "ደወልኩ" በይ። በእንግሊዝኛ ቢጠይቁሽም ያው ነው።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ሰው ኃይል ክፍል ሳለሁ ለመዝገብ ቤት ኃላፊነት አንድ የምናውቀው ሠራተኛ ቀረበ። ከዓመት በፊት ጣሪያው አፍስሶ ፋይሎቹ ሲበሰብሱ፣ ሦስት ሌሊት ብቻውን አድሮ ቅጠል በቅጠል ሲያደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወረቀቱን በሲባጎ ላይ እንደ ልብስ አስጥቶት ነበር። "ችግር ገጥሞህ የፈታህበትን ጊዜ" ስንለው፣ አንገቱን ደፍቶ "ተረባርበን አዳንነው" አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። የኮሚቴው ሰዎች ከአምስት ሁለት ሰጡት። እኔም ሁለት ሰጠሁት። "አንተ በግልህ ምን ሠራህ?" ብዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ የሚከለክለኝ አልነበረም። ዝም አልኩ። ቦታውን ያገኘው ሌላ ሰው ነው። እሱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ቀና ብዬ አላየውም።

ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለን ያሳደግንሽ እኛው ነን፤ ይህን አውቃለሁ። የሌላውን ድርሻ አትውሰጂ፤ "ኃላፊው ፈረመ፣ ሾፌሩ ጫነ" ብለሽ በስማቸው አስቀምጪው፣ የራስሽን ደግሞ "እኔ" ብለሽ። ብቻ "አደረግን" አትበይ፣ የኔ ልጅ።

እንዲህ ዓይነት አራት አምስት ታሪክ አዘጋጂ፤ አንዱ የተሳሳትሽበት ይሁን፣ እሱንም ይጠይቃሉ። በቃል አትሸምድጂ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ስድስት ቃል በወረቀት ላይ ይበቃል። ከዚያ ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂና አዳምጪው። "አደረግን" ያልሽበትን ቦታ ቁጠሪ።

ዋናውን ዲግሪሽን ከቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ሰማያዊ ፋይል አውጪው፣ ኮፒ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። መታወቂያሽን አትርሺ። ታክሲ ሰልፍ ስላለ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ከቤት ውጪ። ባዶ ሆድሽን አትግቢ።

ረቡዕ ማታ እደውልልሻለሁ። የመድኃኒቱን ታሪክ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ በሰዓት እይዛለሁ።

እናትሽ